ቃሉ ይዙር፣ ቀመሩ ይቁም

ሶፊ መጀመሪያ ያስተዋለችው ከንፈራቸውን ነው። ኡስታዝ ጀማሉዲን ሲያነቡ ድምፅ ባይወጣቸውም ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ያን ቀን በስልክ የተነሳ የመጽሐፍ ገጽ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ አሳየቻቸው። ከንፈራቸው መስመሩን ተከትሎ ሲሄድ ቆየና ድንገት ቀጥ አለ። ዓይናቸው H₂SO₄ ላይ ደርሷል። በሚሰግድ ሰው ፊት ላለማለፍ እንደሚቆም መንገደኛ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ከቀመሩ ወዲያ አሻገሩና ከንፈራቸው መንገዱን ቀጠለ።

ሶፊ እንዲህ ሲነበብ አይታ አታውቅም። ደሴ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ተምራለች፤ ከተመረቀች ወዲህ ደግሞ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለው ጠባብ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ መታወቂያ ኮፒ ታደርጋለች። ለአራት ዓመት H₂SO₄ን በየቀኑ አይታዋለች፤ አንድም ቀን ግን ቆማለት አታውቅም።

ኡስታዝ ጀማሉዲን የሱቋ ደንበኛ ናቸው። ትውልዳቸው ሐርቡ ነው፤ ዓረብኛውን ከአጎታቸው ከሼኽ መሕሙድ እግር ሥር ቁጭ ብለው ተማሩ፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ኻርቱም አሥራ አንድ ዓመት የመጋዘን ጸሐፊ ሆነው ሲሠሩ ለቀሙ። አሁን ስልሳውን አልፈዋል። የጋብቻ ወረቀት፣ የልደት ማስረጃ፣ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ሴቶች የሥራ ውል ይተረጉማሉ። ዓረብኛውን በሶፊ ኮምፒውተር ላይ በሁለት ጣት እየፈለጉ ይጽፉታል፤ እሷ ታትምላቸዋለች።

ያን ሰሞን ያመጡት ግን ውል አልነበረም። አብራቸው አንዲት ልጅ መጣች፤ ኢስራ ትባላለች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጅዳ ተወልዳ እዚያው እስከ አሥረኛ ክፍል በዓረብኛ ተምራለች። ከሦስት ዓመት በፊት ከእናቷ ከጣይባ ጋር ተመለሰች። አማርኛ እንደ ማንኛውም የወሎ ልጅ ትናገራለች፤ ሲጻፍ ግን ፊደሉ ያስቸግራታል፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ኮምቦልቻ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት ትማራለች፤ መማሪያውም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። የብቃት ፈተናውን አንዴ ተፈትና ወድቃለች።

«ኬሚስትሪውንስ አውቀዋለሁ» አለች ኢስራ ለሶፊ፣ ስልኳን እያሳየቻት። «ጅዳ ተምሬዋለሁ። ቃሉ ነው የሚጠፋኝ። እና ገጹን ፎቶ አንስቼ ለስልኩ ሰጠሁት፤ ስልኩ ደግሞ ይኸው ጉዴን አመጣው።»

ሶፊ አየች። ስልኩ ፎቶውን በሙሉ ዓረብኛ አልብሶታል። He የሚለውን የሂሊየም ምልክት «እሱ» ብሎ ተርጉሞታል። mol የሚለውን መለኪያ ደግሞ ኢስራ ጠቁማ አነበበችላት፤ ዓረብኛው ፊት ላይ የሚወጣ ጥቁር ነጥብ ማለት ነው።

«ማርያም የሳመችውን አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምሪ ነው የሚለኝ» አለች ኢስራ፤ ሶፊ ሳቀች፤ ኢስራ ግን እስከ መጨረሻው አልሳቀችም።

የማትስቅበት ምክንያት ነበራት። እናቷ ጣይባ ለአንድ ሪያድ ላለ ቤተሰብ የሠራተኝነት ውል አስጽፋ ጨርሳለች፤ ፓስፖርቱም ወጥቷል። ጣይባ ክፉ አይደለችም፤ ልጇ ያለ ሥራ ስትቀመጥ ማየት ነው ያልቻለችው። «ይሄን ፈተና ካለፈች ወላሂ ውሉን እቀደዋለሁ፤ ከወደቀች ግን ትሂድ» ብላለች፤ የውሉንም ወረቀት እንዲተረጉሙት ለኡስታዝ ሰጥታቸዋለች። ኡስታዝ ደግሞ ውሉን ኪሳቸው ከተው ልጅቱን «መጽሐፍሽን ፎቶ አንስተሽ አምጪ» አሏት።

ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው። ኢስራ የምትፈልገው ግልጽ ነበር።

«ቃሉ ብቻ ዓረብኛ ይሁንልኝ። ቀመሩና መለኪያው እንዳለ ይቅር። ፈተናው ላይ የሚመጣው እሱ ነው፤ ዓይኔ እሱን ይልመድ።»

«ይኼማ ቀላል ነው» አሉ ኡስታዝ።

ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን አምስት ገጽ ሠሩ፤ እሳቸው ቃሉን ጻፉ፣ ሶፊ ቀመሩን። እሳቸው ዓረብኛውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያስኬዱ መንገድ ላይ ቁጥር ያጋጥማቸውና እጃቸውን ያነሳሉ፤ ሶፊ ትቀበላቸውና ከግራ ወደ ቀኝ ትጽፋለች። አንድ ወንበር ላይ እየተፈራረቁ። ኢስራ አምስቱን ገጽ ይዛ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጦሳ ተራራ ላይ ጭጋጉ ገና ሳይነሳ፣ ተመልሳ መጣች። ሰላምታም አላስቀደመች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉ ኡስታዝ።

«ሳቁብኝ።»

ቀስ ብላ ነገረቻቸው። የተግባር ሰዓት ነበር። ጠንካራውን አሲድ በውሃ ማቅጠን። መምህሩ ወንድምአገኘሁ የሚሠሩትን እንዲነግሩት ተማሪዎቹን ተራ በተራ ጠየቃቸው። ኢስራ ወረቀቷን አይታ መለሰች፤ ባለ 2ቱን ጠርሙስ አምጥቼ 18 አደርገዋለሁ አለች።

ሶፊ ትንፋሿን ሳበች። ውሃ ጨምሮ ቀጭኑን ማወፈር አይቻልም፤ ይኼን ዘጠነኛ ክፍል ያለ ልጅም ያውቀዋል።

«እኔስ አውቅ የለም?» አለች ኢስራ፣ ፊቷን እንዳየች። «ደንግጬ ከራሴ ይልቅ ወረቀቱን አመንኩ። ‹ውሃ ጨምረሽ ጠላውን ጠጅ ልታደርጊው ነው?› አለኝ። ሰኞ ደግሜ እንድሠራው ነግሮኛል። ሰኞ ካልሆነልኝ ስሜን ለፈተናው አያስተላልፍም።»

ሶፊ ገጹን ከፎቶው ጋር አስተያየች። በፎቶው ላይ 18 mol/L → 2 mol/L ይላል። በእነሱ ወረቀት ላይ ግን 18 ከመለኪያው ተለይቶ በስተቀኝ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ዓይን ሲያየው 2 mol/L 18፣ ከ2 ተነስቶ ወደ 18 የሚሄድ ይመስላል። ራሷ ናት የጻፈችው። በትክክል ነው የጻፈችው። ኮምፒውተሩ ነው ከኋላዋ ያዛወረው።

ፋይሉን ከፍታ እንደገና ሞከረች። 18 ብላ ስትጽፍ ቁጥሩ ከፊቱ ያለውን የዓረብኛ ቃል ተከትሎ በስተቀኝ ይቆማል። mol ስትል ፊደሎቹ የራሳቸውን መንገድ ይዘው ከግራ ይጀምራሉ፤ ቁጥሩ ብቻውን ይቀራል። ሌላ መስመር ላይ ሞከረች፤ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ የሚለው −20 ላይ የመቀነስ ምልክቱ ከቁጥሩ በስተግራ ተነስቶ በስተቀኝ ተለጠፈ።

«ኡስታዝ፣ ይዩት እስኪ። እኔ ስጽፍ ይዘላል።»

ኡስታዝ ጎንበስ ብለው አዩ። እንደገና እንድትጽፈው ጠየቋት፤ ጻፈች፤ ዘለለ። ሦስተኛም ዘለለ።

«ሁለት ሰው በጠባብ በር ከወዲህና ከወዲያ ሲገናኝ ነው የሚመስለው» አሉ ረጋ ብለው። «አንዱ ካልቆመ ሁለቱም አያልፉም።»

ወደ ኢስራ ዞሩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ቀላል ነው ብዬሽ ነበር። መምህርሽ የሳቀው በኔ ነው።»

«ኧረ ኡስታዝ፣ እርስዎ ምን አደረጉ...»

«አብሽሪ፣ ቁጭ በይ። ስንት ቀን አለን?»

«አራት።»

ሶፊ የሚቀጥለውን ብዙ ጊዜ እያስታወሰች ትደነቅበታለች። ኡስታዝ ስለ ኮምፒውተር አንድም ነገር አልጠየቋትም። ከደረት ኪሳቸው ሁለት እስክሪብቶ አወጡ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ባዶ ወረቀት አቅርበው በጥቁሩ ዓረብኛ ይጽፉ ጀመር። መሃል ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አንስተው ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ባዶ ተዉ፤ ከባዶው ማዶ ቀጠሉ። እንደገና ባዶ ተዉ። ገጹ ሲያልቅ ጥርሱ እንደወላለቀ አፍ ሆነ።

«ምንድን ነው ኡስታዝ?» አለች ሶፊ።

«አጎቴ ኪታብ ሲገለብጡ እንዲህ ነበር። ትልቁ ቃል፣ ዋናው፣ መትን ይባላል። እሱን ያብራሩት ሰዎች የጨመሩበት ማብራሪያ ደግሞ ሸርሕ ነው። ሸርሑን በጥቁር ይጽፉና የመትኑን ቦታ ባዶ ይተዉታል። ጥቁሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ቀዩን ቀለም ይዘው ይመለሱና ባዶውን ይሞላሉ። ሁለቱን ባንድ እጅ ባንድ ጊዜ አይጽፉም። እጅ ከለመደው አይመለስም፤ የሸርሑን መንገድ እንደያዘ መትኑ ውስጥ ይገባል። ይኼ ማሽንሽም እጁ አልመለስ ብሎት ነው።»

ሶፊ ባዶ ቦታዎቹን አየቻቸው። የተተዉ አይመስሉም፤ የተጠበቁ ይመስላሉ።

«እና አሁን እዚህ በቀዩ ቀመሩን ይጽፉታል?»

«እኔ? እኔ የማላውቀውን ፊደል? አንቺ ጻፊው።»

ሶፊ ቀዩን እስክሪብቶ ተቀብላ ልትጽፍ ስትል እጇ ቆመ። የሷም እጅ የሰው እጅ ነው። ትንሿን 2 ከሥር ማድረግ ትረሳ ይሆናል፤ mLን mg ትል ይሆናል። እስክሪብቶውን መለሰችላቸው።

«ማንም አይጻፈው ኡስታዝ። ፎቶው አለን አይደል? ቀመሩን ከፎቶው ላይ ቆርጬ አወጣዋለሁ። ቁጥሩንም መለኪያውንም፣ እንዳለ፣ አንድ ላይ፣ እንደ ሥዕል። በተዉልኝ ባዶ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሥዕል ነውና ኮምፒውተሩ ፊደል መሆኑን አያውቅም፤ አያዘልለውም።»

«የማንም እጅ ሳይነካው?»

«የማንም እጅ ሳይነካው።»

ኡስታዝ ቀዩን እስክሪብቶ ወደ ኪሳቸው መለሱት። «አጎቴ ይሄን ሳያዩ ሞቱ» አሉ።

አራቱ ቀን እንዲህ አለፈ። እሳቸው ኮምፒውተሩ ላይ እየጻፉ ባዶ ይተዋሉ፤ ሶፊ ደንበኛ ባልመጣ ቁጥር ከፎቶ ላይ እየቆረጠች ባዶውን ትሞላለች። ኢስራ ጎን ሆና ጅዳ የተማረችበትን ቃል ታቀብላቸዋለች፤ ኡስታዝ የኪታብ ዓረብኛ ሲጠቀሙ «ኡስታዝ፣ እንዲህ የሚል መጽሐፍ የለም፤ ይሄ የድሮ ንጉሥ ደብዳቤ ነው» ትላቸዋለች። ማህሉል ይሁን፣ ተርኪዝ ይሁን ትላለች፤ የተበጠበጠውን ነገርና ጥንካሬውን ማለቷ ነው። ኡስታዝ «እሺ እመቤቴ» ብለው ይሰርዛሉ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ቀስት አከራከራቸው። አንድ መስመር በቀመር ሳይሆን በቃል ነው የተጻፈው፤ አሲድና ቤዝ ተገናኝተው ጨውና ውሃ ይሆናሉ ይላል፣ መሃሉ ላይ ወደ ቀኝ የሚያሳይ ቀስት አለው። ኡስታዝ ቃሉን ሲያዞሩት አሲዱ ወደ ቀኝ፣ ጨው ወደ ግራ ሄደ፤ ቀስቱ ግን አሁንም ወደ ቀኝ ያያል። ጨውና ውሃ አሲድ ይሆናሉ ማለት ነው።

«ቀስት አይነካ ተባብለን አልነበር?» አለች ኢስራ።

«በቀመር መሃል ያለውን ነው» አለች ሶፊ። «ይሄኛውስ?»

ሁለቱም ወደ ኡስታዝ አዩ። እሳቸው ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ቀስቱ የጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ ቀመር ከሆነ ከቀመሩ ጋር ይቆማል። ጎረቤቱ ቃል ከሆነ ከቃሉ ጋር ይዞራል።»

ሶፊ ቀስቱን ወደ ግራ አዞረችው። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ይሄን በአንድ ሰዓት ያስረዳት አይመስላትም።

እሑድ ከሰዓት ሠላሳ ሁለቱም ገጽ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ኢስራ ልትወስደው ስትነሳ ኡስታዝ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጣሉ።

«ገና ነው። አልተናበበም።»

ሼኽ መሕሙድ የገለበጡትን ኪታብ ሳያናብቡ ከቤት አያስወጡም ነበር፤ አንድ ሰው ዋናውን ይይዛል፣ አንዱ ግልባጩን፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረው ያነባሉ። ሶፊ ፎቶዎቹን በኮምፒውተሩ ላይ ይዛ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ኡስታዝ በጣታቸው ግልባጩን ይከተላሉ። ቃል ላይ ሲደርስ እንግሊዝኛውን በልባቸው ከዓረብኛው ጋር ይመዝናሉ፤ ቀመር ላይ ሲደርስ መልኩን ብቻ ያስተያያሉ። ትርጉሙን አያውቁትም። እንደ ሰው ፊት ነው የሚያዩት።

ሃያ ሰባተኛው ገጽ ላይ ሶፊ «አንድ ነጥብ ስምንት ሲባዛ አሥር፣ ከላይ ኔጋቲቭ አምስት» ብላ አነበበችና አለፈች።

«ቆይ» አሉ ኡስታዝ።

ቆመች።

«ኔጋቲቭ ያልሽው የታለ?»

«እዚህ...» አለችና ወረቀቱን አየች። ከዚያ ፎቶውን አየች። 1.8 × 10⁵ ነው የሚለው። ከአምስቱ ፊት መኖር ያለባት ትንሽ ሰረዝ የለችም። ፎቶው ላይም የለችም። «ሆምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ ነው ኡስታዝ፤ ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ኔጋቲቭ አምስት ነው።»

«አንቺ የምታውቂውን ነው ያነበብሽው» አሉ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «እኔ አላውቅም። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ይሄው ፊት አለ፤ እዚያ ላይ ሰረዝ አለችው። እዚህ የለችውም። ከሁለቱ አንዱ ሌላ ሰው ነው፤ ወይም አንዱ ቆስሏል።»

ሶፊ ዘጠነኛውን ገጽ ከፈተች። ሰረዟ አለች። ጭንቅላቷን ያዘች። ከሰረዙ ጋር ሲሆን ደካማ አሲድ ነው፤ ያለ ሰረዙ በአሥር ቢሊዮን እጥፍ ይበልጣል፣ ሆምጣጤ የሚባል ነገር ዓለም ላይ አይኖርም። ኬሚስትሪ የተማረችው እሷ ባየችው ሳይሆን በምታውቀው ሄዳ አልፋዋለች። እሳቸው ምንም ሳያውቁ አንዲት የፀጉር ያህል መስመር ጎደለች አሉ።

«ልጻፋት?» አለች።

«አይ። መትን ነው። ዋናው ይታይ።»

ኢስራ ለክፍሏ ልጅ ለሚስባህ ደወለች፤ ሚስባህ ኮምቦልቻ ነው፣ መጽሐፉ ከሱ ጋር ነው። «ሃያ ሰባተኛውን ገጽ መሃሉን በደንብ ዘርግተህ፣ በእጅህ ተጭነህ አንሳልኝ» አለችው። «ምን ሆናችሁ፣ አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ!» ሲል ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ ፎቶው መጣ። ሶፊ አስፍታ አየችው። ገጹ ሲታጠፍ የዋጣት ሰረዝ፣ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ቀጥ ያለች፣ ከአምስቱ ፊት ቆማለች።

ኡስታዝ ጎንበስ ብለው ከዘጠነኛው ገጽ ጋር አስተያዩት።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ኡስታዝ፣ በቀስታ። «ቁረጪና አስገቢያት። ከዚያ ከሃያ ስምንት እንቀጥላለን።»

ሰኞ ጠዋት ኢስራ ወረቀቷን ይዛ መምህሯ ፊት ቆመች። ባለ 18ቱን ጠርሙስ አነሳች፣ ውሃውን አስቀደመች፣ አሲዱን ቀስ እያለች በውሃው ላይ ጨመረች፣ 2 ላይ አደረሰችው። ወንድምአገኘሁ ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አየው። ዓረብኛውን ማንበብ አይችልም። ከቀመር ወደ ቀመር እየዘለለ ሄደና ገጹን ጨረሰው፤ አንድም የጎደለበት አልነበረም። «ያንቺን ቋንቋ ባላውቅም መንገዱ አልጠፋኝም» አላት። ስሟን አስተላለፈ።

የብቃት ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። ውጤቱ የወጣ ቀን ኢስራና እናቷ ከኮምቦልቻ ተያይዘው ሱቁ ድረስ መጡ። ጣይባ ወንበር ሲቀርብላት አልተቀመጠችም።

«አለፈች» አለች። «ኡስታዝ፣ ያቺን ወረቀት ይስጡኝ።»

ኡስታዝ ውሉን አወጡላት። ጣይባ አራት ቦታ ቀደደችውና ቁርጥራጩን በእጇ እንደጨበጠች ቆመች፤ የት እንደምትጥለው የጠፋት ይመስል ነበር። ሶፊ ቆሻሻ መጣያውን አቀረበችላት።

«ለሪያዶቹ ምን እላለሁ እንግዲህ» አለች ጣይባ።

«ቤተሙከራ ገባች በያቸው» አሉ ኡስታዝ።

እናትና ልጅ ሲሄዱ ኡስታዝ ትንሽ ቀሩ። የሚሉት ነገር ያለ ይመስላል፤ ወረቀታቸውን ሰብስበው ጨርሰውም ቆመዋል።

«ሶፊዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስሠራው ስላልገባኝ ነው። ያ ሞል የሚሉት፣ ሳንነካው በየገጹ ያሳለፍነው፣ ምንድን ነው?»

ሶፊ ቁራጭ ወረቀት ወስዳ 6.02 × 10²³ ብላ ጻፈችላቸው።

«ቁጥር ነው ኡስታዝ። እንደ ደርዘን። ደርዘን አሥራ ሁለት ነው፤ ሞል ደግሞ ይሄን ያህል ነው።»

«በቃል ሲነበብ?»

«ስድስት መቶ ሁለት ብለው ሃያ አንድ ዜሮ ይቀጥሉበታል።»

እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰዱና ዜሮዎቹን አንድ በአንድ ጻፉ፤ እየቆጠሩ። መስመሩ ወረቀቱን ጨረሰው፤ የመጨረሻዎቹን አራት ከሥር ጻፉ።

«እና ይሄን የሚያህል ምን አለ? አሸዋ ነው?»

«ውሃ ነው። ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ የሚበልጥ ውሃ ውስጥ ይሄን ያህል የውሃ ቅንጣት አለ።»

ኡስታዝ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሶፊን የውሃ ብርጭቆ አዩ። ሶፊም አየችው። ግማሹን ጠጥታዋለች። ጠዋት ከቧንቧ ቀድታ ያስቀመጠችውን ውሃ ከዚህ በፊት እንዲህ አይታው አታውቅም።

«አላህ በሚያውቀው ቁጥር ነው እንግዲህ ለሶላት ጠዋትና ማታ የምንታጠበው» አሉ።

ወረቀቱን አጥፈው ውሉ በነበረበት ኪስ ውስጥ ሳይሆን በእጃቸው ያዙት። ደህና ዋይ አሏት። ዳገቱ ላይ ባጃጅ ጥሩንባ እየነፋ ሲመጣ ጠርዙን ይዘው አሳለፉት፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ፣ ወረቀቱን ፈተው አዩ፣ አጠፉትና እንደገና መሄድ ጀመሩ። ሶፊ ከበሩ ላይ ሆና ከጦሳ የወረደው ጭጋግ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው።